ደረሰኙና የባንክ መግለጫው በድምር ይስማማሉ፣ በቀን ግን አይስማሙም፤ ይህ በማስረጃነት ይቆማል?

የባቲው

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ታዳሚዎች። ባቲ አካባቢ በሚገኝ አንድ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር የቁጥጥር ኮሚቴ አባል ነኝ። ሙያዬ ልብስ ስፌት ስለሆነ፣ ስለ ሒሳብ በምጽፈው ላይ ስሕተት ካገኛችሁ ሳታፍሩ አርሙኝ።

ማኅበራችን ቁጠባ የሚሰበስበው የባቲ ገበያ በሚውልበት ቀን፣ ሰኞ ሰኞ ነው። አባሉ ሸጦ ለውጦ ሲመለስ ብሩን ለገንዘብ ያዡ ያስረክብና ደረሰኙን ይዞ ይሄዳል። በደንባችን መሠረት የሰኞው ገንዘብ ማክሰኞ ባንክ መግባት አለበት። ባለፈው ሳምንት የማኅበሩን የባንክ መግለጫ በማኅተም አውጥተን፣ የኅዳር 2017 ዓ.ም. የደረሰኝ ጉርዶችን አጠገቡ ዘርግቼ ሳመሳክር የሚከተለውን አገኘሁ።

ኅዳር 2 የተሰበሰበው 18,400 ብር፣ ባንክ የገባው ኅዳር 10
ኅዳር 9 የተሰበሰበው 21,300 ብር፣ ባንክ የገባው ኅዳር 17
ኅዳር 16 የተሰበሰበው 16,900 ብር፣ ባንክ የገባው ኅዳር 24
ኅዳር 23 የተሰበሰበው 24,500 ብር፣ ባንክ የገባው ታኅሣሥ 1

እንደምታዩት አንድ ብር አልጎደለም፤ ያልሰመረው ቀኑ ብቻ ነው። ገንዘብ ያዡን ስጠይቀው ወረፋ እየበዛበት እንደዘገየና ሁሉም ብር ባንክ መግባቱን መግለጫው ራሱ እንደሚመሰክርለት ነገረኝ። የኮሚቴው ሰብሳቢም ድምሩ ከተስማማ ሰው ስም ማጥፋት ነውር ነው ብሎ ገሠጸኝ። እኔ ግን ሆዴ አልተቀበለውም። እንዲህ ያለው ነገር ቢከሰስ ፍርድ ቤት ፊት ማስረጃ ይሆናል ወይስ እንዲያው የኔ ጥርጣሬ ነው?

ቦርከና21

ሰላም ጋሼ። ኮምቦልቻ የሒሳብ አያያዝ ተማሪ ነኝ። ከመጠርጠርዎ በፊት አንድ ነገር ቢያጣሩ መልካም ነው። ደረሰኝ የሚቆረጠው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆን የባንክ መግለጫ ግን የሚታተመው በአውሮፓውያን ቀን ነው። በሁለቱ መካከል የሰባትና የስምንት ቀን ልዩነት ስላለ፣ የሳምንት መዘግየት የመሰለዎት ነገር የቀን መቁጠሪያው ልዩነት ሊሆን ይችላል። በተግባር ልምምድ ላይ ሳለሁ አንድ መሥሪያ ቤት በዚሁ ምክንያት ያለ ጥፋቱ ሠራተኛ ሲያስጨንቅ አይቻለሁ።

ጦሳ_ሥር

ደሴ ተቀምጬ የምጽፍ ጡረተኛ ኦዲተር ነኝ። ተማሪው ያነሣው ሥጋት እውነተኛ ነው፤ ቁጥሩ ግን ተዘበራርቆበታል። ሰባትና ስምንት የሚባለው የዓመተ ምሕረቱ ልዩነት ነው። የቀኑ ልዩነት ከወር ወር ይለያያል፤ በኅዳር 2017 ዘጠኝ ይደመራል፤ ስለዚህ ኅዳር 10 ማለት 19/11/2024 ነው። በ2016 ቢሆን ኖሮ ደግሞ የቀደመው ዓመት ጳጉሜን ስድስት ስለነበረች ለዚያው ኅዳር አሥር እንጂ ዘጠኝ አይደመርም ነበር። እኔ ራሴ እንዲህ ባለ ዓመት በሠራሁት ሪፖርት አንዲት ቀን ስቼ፣ መስቀለኛ ጥያቄ ላይ የተከሳሹ ጠበቃ ያቺን አንዲት ቀን ይዞ ግማሽ ቀን አቁሞኛል። የተሳሳትሁት ቀን ከጉዳዩ ጋር ምንም አያገናኘውም ነበር፤ ዳኛው ግን ከዚያ በኋላ ያልሁትን ሁሉ በጥርጣሬ ያዳምጡ ጀመር።

የባቲው ወንድሜ፣ ይህን ጥርጣሬ በአንድ ደቂቃ የሚዘጋ ዘዴ አለ። የሳምንቱ ቀን በሁለቱም አቆጣጠር አንድ ነው፤ ሰኞ እዚህም እዚያም ሰኞ ነው። መግለጫው ላይ ያሉትን ቀኖች እንደታተሙ በስልክዎ መቁጠሪያ ላይ ይፈልጉና ምን ቀን እንደዋሉ ይዩ። አቀያየሩ ላይ የአንድና የሁለት ቀን ስሕተት ካለ ማክሰኞ መሆኑ ቀርቶ እሑድ ወይም ረቡዕ ላይ ይወድቅብዎታል።

የባቲው

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። መግለጫው ላይ የታተሙት 12/11/2024፣ 19/11/2024፣ 26/11/2024፣ 03/12/2024 እና 10/12/2024 ናቸው። አምስቱም ማክሰኞ ሆነው አገኘኋቸው። የመጀመሪያዋ፣ ማለትም ኅዳር 3 የገባችው፣ 15,800 ብር ናት። እርሷ ጥቅምት 25 ሰኞ ከተሰበሰበው ጋር እኩል ነች።

ቦርከና21

እንግዲያው የቀን መቁጠሪያው ነገር ወድቋል፤ እቀበላለሁ። ሆኖም መዘግየት ብቻውን ወንጀል አይመስለኝም። በወሩ መጨረሻ የባንክ ሒሳብ ሲታረቅ ያልገባውን ገንዘብ በመንገድ ላይ ያለ ተቀማጭ ብሎ መያዝ የታወቀ አሠራር ነው።

ጦሳ_ሥር

ልጄ፣ በመንገድ ላይ ያለ ተቀማጭ የሚባለው የወሩ የመጨረሻ ቀን ከእጅ ወጥቶ በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን መግለጫው ላይ የሚታየው ነው። ስምንት ቀን የሚጓዝ ብር በእግሩ አሰብ የሚወርድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እዚህ የምናየው መልክ በሙያው ዘንድ በጣም የታወቀ ነው። አንድ ገንዘብ ያዥ አንድ ሰኞ የተሰበሰበውን ይነካል። ማክሰኞ ባንክ የሚያስገባው ስለሚያጣ ይዘገያል። በሚቀጥለው ሰኞ አዲስ ብር ሲመጣለት በአዲሱ ብር የቀድሞውን ደረሰኝ ይሸፍናል። አዲሱ ደረሰኝ ደግሞ በበኩሉ ሌላ ሰኞ ይጠብቃል። በዚህ መንገድ ጉድለቱ ሳይሞላ ከሳምንት ወደ ሳምንት እየተንከባለለ ይሄዳል፤ ድምሩም ሁልጊዜ የተስማማ ይመስላል። ለዚህ ነው ወሩን ሙሉ ደምሮ የሚያየው ሰው ምንም የማያገኘው፣ ቀን በቀን የሚያየው ግን የሚያገኘው። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ፈቃድ አይወጣም፤ ቢታመም እንኳ ተነሥቶ ይመጣል፤ ምክንያቱም አንዲት ሰኞ ሌላ ሰው ቢሰበስብበት ሁሉም ነገር ይገለጣል። የእናንተው የዓመት ፈቃዱን መቼ እንደወጣ እስቲ ይጠይቁ።

ይሁንና ተማሪው ትክክል የሆነበት አንድ ነገር አለ። ከዘገየው ቀን ብቻ ተነሥቶ ገንዘቡ ተወስዷል ማለት አይቻልም። ሰውየው ብሩን ካዝና ውስጥ አስቀምጦ በስንፍና ዘግይቶ ሊሆን ይችላል። ብሩ በነዚያ ስምንት ቀናት ካዝናው ውስጥ እንዳልነበረ የሚያሳይ ሌላ ነገር ያስፈልጋል።

እናት_ዓለም_ሐይቅ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔም ተመሳሳይ ነገር ደርሶብኛል። እናቴ ሐይቅ አካባቢ ባለ ማኅበር ውስጥ በየወሩ 500 ብር ትቆጥብ ነበር፤ ደብተሯም ላይ በየወሩ ተጽፎላታል። ለብድር ስትጠይቅ ግን መዝገቡ ላይ አራት ወር የለም ተባለች። የባንክ መግለጫ ይውጣልን ብንል መግለጫው ከመዝገቡ ጋር ይስማማል፣ እናታችሁ ናት የተሳሳተችው ብለው መለሱን። እናቴ ማንበብ ባትችልም ደብተሯን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ነው የምታኖረው። ታዲያ የባንክ መግለጫ ማስረጃ ነው የምትሉት ለማን ነው?

ጦሳ_ሥር

እትዬ፣ የእርስዎ ጉዳይ ከባቲው ወንድማችን ጉዳይ የተለየ ቢሆንም ያነሡት ነጥብ ትልቅ ነው። የእናትዎ ብር መጀመሪያውኑ ደረሰኝ ሳይቆረጥለት ቀርቶ ከሆነ፣ መዝገብም ባንክም አልደረሰም። ሁለት ቦታ ያልተጻፈ ነገር በሁለቱም ቦታ ይስማማል። በዚህ ጊዜ ባንኩ የሚነግራችሁ አንዳች የለም፤ የሚመሰክረው የእናትዎ ደብተር ነው። ደብተሩ ላይ ያለው ጽሑፍና ፊርማ የማን እንደሆነ፣ የሌሎች አባላት ደብተርስ ከመዝገቡ ጋር ይስማማ እንደሆነ መታየት አለበት። ሃያ ሠላሳ ደብተር ሰብስቦ ማመሳከር ከየትኛውም የባንክ ወረቀት የበለጠ ያሳያል። ደብተሩን ግን ለማንም ኦርጅናሉን አይስጡ፤ ቅጂውን ይስጡ፤ ኦርጅናሉን ለመርማሪ ሲያስረክቡም ፈርመው ያስፈርሙ።

መስኮት_ሦስት

ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ባንክ ለዓመታት ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ ሠርቻለሁ። ለባቲው ወንድሜ አንድ ጥያቄ አለኝ። ኅዳር 10 የገባው 18,400 ብር መግለጫው ላይ በአንድ መስመር ነው የታተመው ወይስ በሁለት? እንዲህ የምጠይቅዎ፣ ሰው መግለጫ ሲያነብ የአንድ ቀን ገቢዎችን በሐሳቡ ደምሮ አንድ ቁጥር አድርጎ የሚጽፍበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ ነው።

የባቲው

እኅቴ፣ እንዴት አወቅሽ? እውነት ነው፣ በሁለት መስመር ነው። አንደኛው 9,400 ብር ጥሬ ገንዘብ ይላል፤ ሁለተኛው 9,000 ብር ቼክ ይላል። ሁለቱን ደምሬ ነበር የጻፍሁት፤ ጥፋት መሆኑን አላወቅሁም። የቼኩን ነገር አውቀዋለሁ፤ የአንድ ትምህርት ቤት መምህራን ቁጠባ ከደመወዛቸው እየተቀነሰ በወር አንድ ጊዜ በቼክ ይመጣል።

መስኮት_ሦስት

የመምህራኑ ቼክ ደረሰኝ የተቆረጠለት መቼ ነው? ጉርዱ ላይ ገንዘቡ በጥሬ ነው ወይስ በቼክ የሚል ቦታ አለ፤ የቼኩም ቁጥር ይጻፍበታል። እሱን አይተው ይንገሩን። ከተቻለም ኅዳር 10 እና ኅዳር 17 የገባባቸውን የባንክ ማስገቢያ ወረቀቶች ይፈልጉ፤ ቅጂያቸው ማኅበሩ ዘንድ መኖር አለበት።

የባቲው

ጉርዱን አገኘሁት። የመምህራኑ ቼክ የተመዘገበው ኅዳር 9 ነው። የኅዳር 2ቱን ሁሉንም ጉርዶች አንድ በአንድ አገላበጥኋቸው፤ አርባ አንዱም በጥሬ ገንዘብ ነው የሚሉት። ኅዳር 17 የገባው 21,300 ብር ደግሞ ማስገቢያ ወረቀቱ ላይ በሙሉ ጥሬ ገንዘብ ነው።

ጦሳ_ሥር

እኅታችን ልክ የሚጠየቀውን ነው የጠየቀችው። ቀስ ብለን እንየው።

ገንዘብ ያዡ ኅዳር 10 ያስገባሁት የኅዳር 2 ገንዘብ ነው ይላል፤ ሒሳብ ሹሙም የባንኩን ወረቀት ከኅዳር 2 ደረሰኞች ጋር አያይዞታል። ኅዳር 2 ግን ቼክ የሚባል ነገር አልመጣም። ስለዚህ በኅዳር 2 ገንዘብ ስም ባንክ ከገባው ውስጥ ዘጠኙ ሺሕ ኅዳር 9 የመጣው የመምህራኑ ቼክ ነው። በተቃራኒው የኅዳር 9 ገንዘብ ነው ተብሎ ኅዳር 17 የገባው በሙሉ ጥሬ ነው፤ ኅዳር 9 ግን 12,300 ብር ብቻ ነው በጥሬ የተሰበሰበው። የኅዳር 2 ጥሬ ብር ካዝና ውስጥ ሙሉውን ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ፣ ማክሰኞ ዕለት ከላዩ ቆጥሮ 18,400 ብር ይዞ መሄድ ነበረበት፤ ቼክ መጨመር አያስፈልገውም ነበር። ቼክ የጨመረው በእጁ የቀረው ጥሬ ብር ስለማይበቃው ነው የሚለው ግምት እዚህ ላይ ክብደት ያገኛል።

ጥሬ ብር መልክ የለውም፤ የኅዳር 2ቱ ብር ከኅዳር 9ኙ ብር አይለይም። ቼክ ግን ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ የሰጪና የተቀባይ ስም አለው፤ በመንገድ ላይ ራሱን ለውጦ ሌላ መሆን አይችልም። ለማኅበሩ ሒሳብ ብቻ ተብሎ ከተሰመረበትም ሰው በጥሬ ሊመነዝረው አይችልምና፣ ገንዘብ ያዡ ሊጠቀምበት የሚችለው እንዲህ ጉድጓድ በመሙላት ብቻ ነው።

መስኮት_ሦስት

በዚያ ላይ አንድ ማስታወሻ ልጨምር። ቼኩ ከሌላ ባንክ ቢሆን ኖሮ ገቢ የሆነበት ቀን ከገባበት ቀን ጥቂት ይዘገይ ነበር፤ በዚያ ምክንያት የቀን ልዩነት ቢኖር ጥፋት አይደለም። የናንተው በዚያው ቀን ገቢ ስለሆነ ከአንድ ባንክ ነው ማለት ነው። መግለጫውን ሲያነቡ ማስገቢያ ወረቀቱ ላይ ያለውን የባንኩን የማኅተም ቀን እንጂ የመግለጫውን መስመር ብቻ አይመኑ። ወረቀቱ ላይ ደግሞ ያስገባው ሰው ስምና ፊርማ አለ፤ መግለጫው ላይ ግን የለም።

ሐርቡ_ነጋዴ

ይህን ያህል ወረቀት ምን ያደርጋል? ባንክ ቤት ዘመድ የሌለው ማን አለ? የገንዘብ ያዡን የግሉን ሒሳብ አንድ ወዳጅ በስልክ ፎቶ አንሥቶ ቢልክላችሁ በአንድ ቀን ታውቁታላችሁ። ካልሆነም ሽማግሌ ልካችሁ ብሩን ያስገባ፤ የሰው ልጅ እኮ ይሳሳታል። አብሽር ብሎ ማለፍም አንድ ነገር ነው።

ጠበቃው_ወልድያ

ሐርቡ ወንድሜ፣ የመጀመሪያውን ምክር ማንም እንዳይከተለው እለምናለሁ። ማኅበሩ የራሱን ሒሳብ መግለጫ በፈራሚዎቹ ደብዳቤ ጠይቆ ማውጣት ይችላል። የገንዘብ ያዡ የግል ሒሳብ ግን የባንክ ምስጢር ነው፤ የሚወጣው ፖሊስ ወይም ዐቃቤ ሕግ አመልክቶ ፍርድ ቤት ሲያዝዝ ነው። በወዳጅ በኩል የመጣ ፎቶ የባንኩን ሠራተኛ ሥራውን ያሳጣዋል፣ ሊያስከስሰውም ይችላል፤ ተጠርጣሪውም ገንዘቡን ለማሸሽ ጊዜ ያገኛል። የግል ሒሳቡ በትእዛዝ ሲወጣም የሚፈለገው ቀላል ነው፤ ጥቅምት 25 ወይም 26 አካባቢ ከደመወዙ ያልመጣ ጥሬ ገንዘብ ገብቷል ወይ፣ ወይም ያለበት ብድር ተከፍሏል ወይ የሚለው ነው። እንዲህ ያለ ምንም ነገር ሳይገኝ ቢቀርም ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ የተወሰደ ጥሬ ብር ባንክ የመግባት ግዴታ የለበትም።

ስለ ሽምግልናው፣ ብሩ መመለሱ ቅጣት ለማቅለል ይረዳል እንጂ የተፈጸመውን ወንጀል አይፍቀውም። ለማኅበሩም የሚያሰጋው ሌላ ነገር አለ። ገንዘብ ያዡ ወሬውን ሰምቶ ነገ ደረሰኝ የሌለው ብር በአንድ ጊዜ ባንክ ቢያስገባ፣ ጉድለቱ መቼ እንደነበረና ስንት እንደነበረ በቆጠራ የማረጋገጥ ዕድል ያመልጣችኋል። እርግጥ ከየትኛውም ሰኞ ጋር የማይገጥም ገቢ መግለጫው ላይ መታየቱ ራሱ ተጨማሪ ማስረጃ ይሆናል።

የክሱ ዓይነትም መታወቅ አለበት። ከአባላት የተሰበሰበ ገንዘብ የሚያስተዳድር ድርጅት በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ሕዝባዊ ድርጅት ተብሎ ስለሚታይ፣ የእናንተው ጉዳይ በሥራ ተግባር መውሰድና መሰወር ሊባል ይችላል። እድር ግን ከዚህ ትርጉም ውጭ ነው፤ የእድር ገንዘብ ያዥ ቢያጎድል የሚጠየቀው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 675፣ በእምነት ማጉደል ነው። በሁለቱም ግን ጉድለት መገኘቱ ብቻውን አይበቃም፤ አስቦ ለራሱ ወይም ለሌላ ጥቅም ማዋሉ መረጋገጥ አለበት። ተከላካዮች ሁልጊዜ የሚቆሙት እዚህ ላይ ነው፤ የተዝረከረከ አሠራር ነበር፣ ካዝናው ሁለት ቁልፍ ነበረው ይላሉ።

ጦሳ_ሥር

ስለዚህ የሚቀረው ድንገተኛ ቆጠራ ነው። ሰኞ ማታ፣ ስብሰባው አልቆ ማክሰኞ ባንክ ከመሄዱ በፊት ይሁን። ማክሰኞ ከሰዓት ብታደርጉትም ይሠራል፤ ጉድለቱ በሁለቱም ጊዜ ያው ነው፤ ነገር ግን ሰኞ ማታ ከሆነ ሰውየው ተበድሮ የሚሞላበት ጊዜ አያገኝም። አስቀድሞ እንዳይነገረው። ገንዘብ ያዡ ራሱ ይቁጠር፤ እናንተ አትንኩት፤ ተመልከቱ ብቻ። ኖቱ በዓይነቱ ይመዝገብ፤ ካዝናው ውስጥ የተገኘ ወረቀት ሁሉ ይዘርዘር፤ እሱም እናንተም ፈርሙ። የመጨረሻ የተቆረጠው ደረሰኝ ቁጥርም ይጻፍ፤ ያለዚያ ነገ ሳልቆርጠው የቀረ ነው ይላችኋል።

እግረ መንገዳችሁን ወደ ኋላ ሂዱ። መዘግየቱ የጀመረበትን ሰኞ ካገኛችሁ ጉድለቱ የተወለደበትን ቀን አገኛችሁ።

የባቲው

ሁለት ሳምንት ዝም ያልሁት ሥራው ላይ ስለነበርሁ ነው፤ ይቅርታ።

ወደ ኋላ ሄድሁ። እስከ ጥቅምት 18 ድረስ የሰኞው ብር ማክሰኞ ይገባ ነበር፤ አንድም አልዘገየም። ለመጀመሪያ ጊዜ የዘገየው የጥቅምት 25ቱ 15,800 ብር ነው።

ቆጠራውን ታኅሣሥ 7 ሰኞ ማታ ከወረዳው ባለሙያ ጋር ሆነን አደረግነው። ካዝናው ውስጥ መኖር የነበረበት የኅዳር 30ው 19,200 እና የዕለቱ 20,600፣ በድምሩ 39,800 ብር ነው። ገንዘብ ያዡ በባትሪ ብርሃን ሁለት ጊዜ ቆጠረው፤ 24,300 ብር ሆነ። የጎደለው 15,500 ብር ነው።

ጦሳ_ሥር

እንግዲህ ይህንን ቁጥር ይዛችሁ ወደ ኋላ ብትቆጥሩት ደስ የሚል ነገር ታገኛላችሁ። ያው 15,500 ብር ከጥቅምት 25 ጀምሮ ጎድሎ ነበር ብላችሁ ገምቱ። ኅዳር 10 ጠዋት በእጁ መኖር የነበረበት የኅዳር 2 እና የኅዳር 9፣ 39,700 ብር ነው። ጉድለቱ ሲቀነስ 24,200 ይቀራል። ከዚህ ውስጥ 9,000 ቼክ ስለሆነ ጥሬው 15,200 ብቻ ነው። ማስገባት የነበረበት ግን 18,400 ብር ነው። ያለ ቼኩ አይበቃውም ነበር። ቆጠራው የነገራችሁንና ቼኩ የነገራችሁን ሁለት የማይተዋወቁ ምስክሮች አድርጋችሁ ቁጠሯቸው። ለመርማሪው የሚጻፈው ሪፖርት ይህን በቁጥር ያሳይ፤ እያንዳንዷ ቁጥር ከየትኛው ጉርድና ከየትኛው የባንክ ወረቀት እንደመጣች ከጎኗ ይጻፍ። ጉድለት 15,500 ብር ተገኘ ብቻ የሚል የኦዲት ሪፖርት በመጀመሪያው መስቀለኛ ጥያቄ ይፈርሳል።

የባቲው

ጋሼ፣ አንድ የቀረ ነገር አለ፤ እሱ ነው እንቅልፍ የነሣኝ። ካዝናው ውስጥ በአራት የታጠፈ ወረቀት ተገኘ። 12,000 ብር ለአስቸኳይ ጉዳይ ተቀብያለሁ ይላል፤ ከሥሩ የሰብሳቢያችን ፊርማ አለ። ገንዘብ ያዡ፣ በጥቅምት መጨረሻ እሱ ነው የወሰደው፣ እኔ እምቢ ማለት አልቻልሁም አለ። ሰብሳቢው ደግሞ ፊርማው የኔ አይደለም ይላል። ወረቀቱ ላይ ቀን የለም። የተቀረው 3,500 ብር የት እንደገባ ማንም አልተናገረም።

ጠበቃው_ወልድያ

ወረቀቱን ማንም እንዳያጥፈው፣ እንዳይጽፍበት፣ እንዳይበሳውም። ፖስታ ውስጥ ይግባ፤ ፖስታው ላይ የቆጠራው ታዛቢዎች ይፈርሙ። ፊርማው በፖሊስ ባለሙያ ይመረመራል፤ ለማነጻጸሪያ ሰብሳቢው ከዚህ በፊት የፈረመባቸውን ቼኮችና ቃለ ጉባኤዎች አዘጋጁ። ማን ነው ጥፋተኛው ለሚለው የባንክ መግለጫው ከዚህ በላይ አይረዳችሁም።

መስኮት_ሦስት

ወረቀቱ ምን ዓይነት ነው? የደብተር ቅጠል ነው ወይስ ሌላ?

የባቲው

ከደረሰኝ ጥራዝ የተቀደደ ነው፤ በጀርባው ነው የተጻፈው። ፊት ለፊቱ ያልተሞላ ደረሰኝ ሲሆን ቁጥሩ 2361 ነው።

ቦርከና21

ጋሼ፣ ያ ጥራዝ ከዕቃ ክፍል የወጣው መቼ ነው? የጥራዝ መረከቢያ መዝገብ አላችሁ?

የባቲው

አሁን ከመዝገቡ መጣሁ። ከ2351 እስከ 2400 ያለው ጥራዝ ለገንዘብ ያዡ የተሰጠው ኅዳር 23 ነው። በጥቅምት መጨረሻ ያ ወረቀት ገና በካርቶን ውስጥ ታሽጎ ነበር። የ2361 ሁለተኛና ሦስተኛ ቅጂ ጥራዙ ላይ ባዶውን አለ፤ የተሰረዘ የሚል አልተጻፈበትም።

ጠበቃው_ወልድያ

ይህ ወረቀቱ በጥቅምት አለመጻፉን ያሳያል እንጂ ሰብሳቢው ብር አለመውሰዱን አያሳይም። በጥቅምት ወስዶ በኅዳር መጨረሻ ፈርሞ ሊሆን ይችላል። ጥራዙን ሙሉውን ከፖስታው ጋር ለመርማሪው አስረክቡ፤ ስታስረክቡም ገጹን ቆጥራችሁ አስፈርሙ።

የባቲው

ነገ ጠዋት ይዤ እሄዳለሁ። ገንዘብ ያዡ የጎረቤቴ ልጅ ነው፤ ዛሬ እናቱ ሱቄ ድረስ መጥታ ሳትናገር ተቀምጣ ሄደች።